ሊንኩ ለማየት ነበር የተላከው፦ የአንድ ደሴ ቅሬ የክፍያ መዝገብ ታሪክ

## ስለ ቅሬው እና ስለ መዝገቡ

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎ ውስጥ ቅሬ እንለዋለን። ይህ ጉዳይ የደረሰው ደሴ ውስጥ፣ ሆጤ አካባቢ ባለ አንድ ቅሬ ላይ ነው። አባላቱ 148 ናቸው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ነው። ኮምቦልቻ የሚሠሩ፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ወደ ሰፈር የሚመጡም አሉበት። እኔም አባል ነኝ። ኑሮዬ ኮምፒውተር መጠገን ስለሆነ ነገሩ ሲበላሽ የተጠራሁት እኔ ነኝ።

መዋጮው በወር 100 ብር ነው። ገንዘብ ያዡ እድሜያቸው የገፋ፣ ጥንቁቅ ሰው ናቸው። የሚቀበሉትን ሁሉ በካርቦን ደረሰኝ ይቆርጣሉ። ፀሐፊዋ ወጣት ናት። ደረሰኙን እያየች በጉግል ሺትስ መዝገብ ትይዛለች። ገንዘብ ያዡም ልጃቸው ካስተማራቸው ወዲህ ራሳቸው በስልካቸው ማስገባት ችለዋል።

የመዝገቡ አሠራር ቀላል ነው። የመጀመሪያው ዓምድ ተራ ቁጥር፣ ሁለተኛው ስም፣ ሦስተኛው ስልክ ነው። ከዚያ ከመስከረም እስከ ነሐሴ አሥራ ሁለት ወር ይደረደራል። መጨረሻ ላይ የእያንዳንዱ ሰው ድምር አለ፣ ከታች ደግሞ ጠቅላላ ድምር።

የጥር ወር መጀመሪያ ላይ መዝገቡ የአራት ወር ክፍያ ይዞ ነበር። ሁሉም ሰው ከፍሎ ቢሆን 59,200 ብር መሆን ነበረበት። 45 ያልተከፈሉ ወሮች ስለነበሩ 54,700 ብር ላይ ነበር። የጥር ዓምድ ገና ባዶ ነው። ስብሰባው ላይ አባላት «ማን እንደከፈለ ማን እንዳልከፈለ ሁላችንም እንይ» አሉ። ፀሐፊዋ ያንኑ እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የመዝገቡን ሊንክ ኮፒ አድርጋ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ለጠፈችው።

## ችግሩ እንዴት ታወቀ

ማክሰኞ ጠዋት የአንድ አባል እናት አረፉ። በቅሬው ደንብ ሦስት ወር ያልከፈለ ሰው ውዝፉን ሳይከፍል ሙሉ ድጋፍ አያገኝም። ገንዘብ ያዡ ስልካቸውን አውጥተው መዝገቡን ሲያዩ የሰውየው ረድፍ ላይ ሦስት ወር ባዶ ነው። ሐዘንተኛው ድንኳን ሊያስተክል ቆሞ «ጋሼ፣ እኔ እኮ አንድም ወር አሳልፌ አላውቅም» አለ። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ሰዓት መስማት ለሰውየውም ለገንዘብ ያዡም ከባድ ነው።

ደግነቱ ደረሰኙ ነበር። የካርቦኑ ቅጂ ሲገለበጥ ሰውየው አራቱንም ወር ከፍሏል። ድጋፉ ሳይዘገይ ተሰጠ።

ፀሐፊዋ መጀመሪያ የራሷ ስህተት መስሏት ነበር። ሌሎች ሰዎችን በስልክ ልታጣራ ከአንዲት እናት ስም ጎን ያለውን ቁጥር ደወለች። ያነሳው ጎረምሳ ነው። ሌላ ስም ሞከረች። ያነሳው ያልደወለችለት ሰው ሆነ። ያኔ ነው «ወንድሜ፣ ስሙና ስልኩ አይገናኝም፤ ቶሎ ና» ብላ የደወለችልኝ።

ይህ ምልክት ትልቅ ነገር ነው። ስምና ስልክ ካልተገናኙ አንድ ዓምድ ብቻውን ተንቀሳቅሷል ማለት ነው።

## መዝገቡ ውስጥ ምን ተደርጎ ነበር

ላፕቶፕ ከፍተን File ከዚያ Version history ከዚያ See version history ገባን። ይህ ገጽ ፋይሉ ላይ የተደረገውን ለውጥ ሁሉ በሰዓት ከፋፍሎ ያሳያል። በጉግል አካውንቱ ገብቶ የነካ ሰው ስሙ ይወጣል። ሳይገባ የነካው All anonymous users ተብሎ ይመዘገባል። ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ 9:22 PM የሚለውን ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ22 ብለን ነው ያነበብነው።

እሁድ ምሽት በዚያ ሰዓት ስሙ የማይታወቅ ሰው የስሞቹን ዓምድ ከላይ እስከ ታች መርጦ በፊደል ተራ ደርድሮታል። ማን እንደሆነ አላወቅንም፣ ማወቅም አልፈለግንም። የፈለገው ስሙን በቀላሉ ማግኘት ነው። በፊደል ተራ ሲሆን ይቀለኛል ብሏል። ችግሩ Sort range የሚለው ትእዛዝ የተመረጠውን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ስሞቹ ቦታ ሲቀይሩ ስልኩና ክፍያው ባሉበት ቀሩ። በአንድ ንክኪ 148 ሰው የሌላ ሰው ክፍያ ላይ ተቀመጠ።

ሌሎች ትንንሽ ለውጦችም ነበሩ። ሁለት ሰዎች ከስማቸው ጎን ባዶ ወር አይተው ራሳቸው 100 ጽፈዋል። አንዱ ደግሞ 100 የሚለውን አጥፍቶ «ተከፍሏል» ብሎ በቃል ጽፏል። ለሰው ዓይን ሁለቱ አንድ ነው። ድምር የሚያወጣው ቀመር ግን ቃል አይቆጥርም፤ ስለዚህ 100 ብር ጠፋ።

ሰኞ ጠዋት ደግሞ ገንዘብ ያዡ ስድስት ሰዎች የጥር ወር ከፍለዋቸው አስገብተዋል። ስም እየፈለጉ ነው ያስገቡት። ስሙ ግን ከቦታው ተነስቷል። ስድስቱም ክፍያ የማይመለከታቸው ሰዎች ረድፍ ላይ አረፈ።

## ድምሩ ጉዳቱን ለምን ደበቀው

ይህን ክፍል ትንሽ ሰፋ አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ። ገንዘብ የሚይዝ ሰው ሁሉ መዝገብ የሚፈትሸው በድምር ነውና።

ገንዘብ ያዡ ሰኞ ማታ እንደ ልማዳቸው ሂሳብ አመሳክረው ነበር። ደረሰኝ የተቆረጠበት ገንዘብ 55,300 ብር ነው። ቀድሞ የነበረው 54,700 እና የስድስቱ ሰዎች 600 ማለት ነው። መዝገቡ የሚያሳየው 55,400 ነበር። ልዩነቱ 100 ብር ብቻ። «አንድ ደረሰኝ ሳላየው አልፎኝ ይሆናል፣ ነገ አየዋለሁ» ብለው ተኙ። እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር።

ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ስንቆጥር እንዲህ ነው። ሁለቱ ሰዎች የጻፉት 200 ጨመረ፣ በቃል የተተካው 100 ቀነሰ፣ ቀሪው 100 ሆነ። ስሞቹን የደረደረው ለውጥ ግን ድምሩ ላይ አንዲት ብር አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ቁጥሮቹ እኮ ከቦታቸው አልተነሱም። የከፋው ጉዳት በድምር የማይታየው ነበር፤ በድምር የታየው ትንሹ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ መዝገብ ሲፈተሽ ድምሩን ብቻ ማየት አይበቃም። ከመካከል አሥር አሥራ አምስት ስም አንስቶ ስሙን ከስልኩ፣ ክፍያውን ከደረሰኙ ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል።

## በሩን ማን ከፈተው

ፀሐፊዋ አጥብቃ የተናገረችው አንድ ነገር ነበር፦ «ለሁሉም ሰው ማስተካከል ፈቅጄ አላውቅም።» መዝገቡ ላይ እውነቷን ነው። ፋይሉን ስንከፍት ግን General access የሚለው ሥር Anyone with the link ይላል። ጎኑ ላይ ያለው ፈቃድ Editor ነው። ሊንኩ የደረሰው ሰው ሁሉ መጻፍ፣ ማጥፋት፣ መደርደር ይችላል ማለት ነው።

ምክንያቱ ፎልደሩ ነበር። ከዓመት በፊት የደረሰኝ ፎቶዎችንና ቃለ ጉባኤዎችን የምታስቀምጥበት ፎልደር ከፍታ ለኮሚቴው አምስት ሰዎች ልካለች። አንዱ የኮሚቴ አባል «ፎቶ መጨመር አልቻልኩም» ሲላት ፎልደሩን ሊንኩ ያለው ሁሉ እንዲያስተካክል አድርጋ ከፈተችው። ያኔ ችግሩ ተፈታ፣ ነገሩም ተረሳ። የክፍያ መዝገቡን ግን ያዘጋጀችው እዚያው ፎልደር ውስጥ ነው። የፎልደሩ ፈቃድ ወደ ውስጡ ፋይል ይወርዳል። እሁድ ለት ሊንኩን ኮፒ ስታደርግ ፋይሉ ተከፍቶ ነው የጠበቃት።

ሌላም አለ። ሊንኩን ከላከች በኋላ ራሷ ነክታ አይታዋለች። የራሷ ፋይል ስለሆነ ማስተካከል ትችላለች። ባለቤት ሁልጊዜ ይችላል። ስለዚህ በራሷ ስልክ መፈተሿ ሌላው ሰው ምን እንደሚያይ ሊነግራት አልቻለም።

## የሠራነው፣ በቅደም ተከተል

የመጀመሪያ እርምጃችን ስህተት ነበር። ጭንቀቱ የተበላሸውን ቶሎ መመለስ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ጥገናው ገባን። የድሮውን ቅጂ እየመረጥን ሳለ ስክሪኑ ላይ አንድ ባዶ ሕዋስ ውስጥ ቁጥር ሲጻፍ አየን። አንድ አባል በዚያው ደቂቃ መዝገቡን ከፍቶ እየሞላ ነው። የሚያፈስ ቧንቧ ሳይዘጋ ወለል አይወለወልም። አቁመን መጀመሪያ ፈቃዱን ዘጋን።

ከፎልደሩ ነው የጀመርነው። የፎልደሩን Share ከፍተን General access የሚለውን ወደ Restricted መለስነው። ከዚያ ኮሚቴዎቹን በኢሜይል አድራሻቸው አንድ በአንድ Editor አድርገን ጨመርናቸው። ፎልደሩ ተከፍቶ ሳለ ፋይሉ ላይ ብቻ መሥራት አያስተማምንም፤ ከላይ የሚወርደው ፈቃድ አለና።

ቀጥሎ ፋይሉ። በኮምፒውተር መዝገቡን ከፍቶ ከላይ በስተቀኝ ያለውን Share መንካት ነው። General access ሥር Anyone with the link እንዲሆን አደረግን። በስተቀኙ ያለውን ፈቃድ Viewer አልነው፣ ማየት ብቻ ማለት ነው። Done ብለን ወጣን። በስልክ ለሚሠራ ሰው ድራይቭ አፕ ውስጥ ከፋይሉ ስም አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክቶ Manage access ውስጥ ይገባል፤ እዚያም ያው General access አለ።

Share ውስጥ የጥርስ ጎማ ምልክትም አለ። እዚያ ማስተካከል የሚችሉ ሰዎች ፈቃድ መቀየርና ለሌላ ማጋራት እንዲችሉ የሚያደርግ ምርጫ ነበር። ምልክቱን አነሳነው። ከኮሚቴው አንዱ በቅንነት «ለእገሌም ክፈቺለት» ብሎ ራሱ መልሶ እንዳይከፍተው ነው።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ጥገናው ተረጋግቶ ተሠራ። መጀመሪያ File ከዚያ Make a copy ብለን የተበላሸውን መዝገብ እንዳለ ቅጂ አስቀመጥን። የሰኞዎቹ ስድስት ክፍያዎች ያሉት እሱ ላይ ነው፤ ወደ ኋላ ስንመለስ ይጠፋሉ። ከዚያ ወደ Version history ተመልሰን እሁድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ22 በፊት ያለውን ቅጂ መረጥን። በዚያ መካከል ከስሞቹ መደርደር በፊት የተጻፈ ሌላ ለውጥ አለመኖሩን አየን። Restore this version አልነው። ድምሩ 54,700 ላይ ተመለሰ።

ስድስቱን ክፍያ ገንዘብ ያዡ ደረሰኙን እያነበቡ፣ ፀሐፊዋ እየጻፈች አስገቡ። 55,300 ሆነ። ደረሰኝ ከተቆረጠበት ገንዘብ ጋር ገጠመ። ከዚያ አሥራ አምስት ስም ከየቦታው አንስተን ከስልክና ከደረሰኝ ጋር አገናኘን። ሁሉም ልክ ነበር። ከጀመርንበት እስከጨረስንበት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ፈጀ። አብዛኛው ጊዜ የሄደው ደረሰኝ በማመሳከር ነው።

## አዲስ ሊንክ ያስፈልግ ነበር?

ሰብሳቢው «እንግዲህ የድሮውን ሊንክ አጥፍተሽ አዲስ ላኪ» ብለዋት ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። ፈቃዱ ግን የተጻፈው ሊንኩ ላይ አይደለም፤ ፋይሉ ላይ ነው። ሊንኩ የፋይሉ አድራሻ ብቻ ነው። ከለውጡ በፊትም በኋላም መልኩ ይኸው ነው፦

```
https://docs.google.com/spreadsheets/d/.../edit?usp=sharing
```

መጨረሻው ላይ ያለው edit የሚል ቃል ሰው ያስደነግጣል። አንድ አባልም «አሁንም ማስተካከል ይላል እኮ» ብሎ ጽፎልናል። ቃሉ ብቻውን ምንም አይፈቅድም። ፋይሉ Viewer ከሆነ በዚያ ሊንክ የገባ ሰው ማየት ብቻ ነው የሚችለው።

ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። ሊንኩ ከግሩፑ ወጥቶ ኮምቦልቻ ባሉ አባላት ሌላ ግሩፕ ውስጥ ተላልፎ ነበር። ከዚያ ወዴት እንደሄደ አናውቅም። ፋይሉ ላይ ፈቃዱ ሲቀየር ግን የተላለፈው ሁሉ አብሮ ተቀየረ። መልእክቱን ማጥፋት ይህን አያደርግም። ከቴሌግራም ቢጠፋ እንኳ ቀድሞ ኮፒ ያደረገው ሰው ጋ ሊንኩ እየሠራ ይቀጥላል።

## ፈተናው

ከለውጡ በኋላ ሦስት መንገድ ሞከርን። መጀመሪያ በላፕቶፑ ክሮም ላይ Ctrl+Shift+N ተጭነን የግል መስኮት ከፈትን። እዚያ ውስጥ ማንም በአካውንቱ አልገባም። ሊንኩን ስንለጥፍ መዝገቡ ተከፈተ፣ ከላይ View only ይላል፣ ቁጥር ስንጽፍ አይቀበልም። የምንፈልገው ይኸው ነው።

ሁለተኛ የጎረቤት ልጅ ስልክ ላይ ከቴሌግራም ግሩፑ ሊንኩን ነካን። ታየ፣ ማስተካከል አልቻለም።

ሦስተኛው የአንድ ኮሚቴ ስልክ ነበር። እሱ ላይ ማስተካከል ይቻላል! ለአፍታ ደነገጥን። ሰውየው ግን ቅድም በኢሜይሉ Editor ተብሎ የተጨመረ ነው። የሊንኩ ፈቃድ የሚሠራው በስም ላልተጨመረ ሰው ነው። በስም የተጨመረ የራሱን ፈቃድ ይዞ ይቀጥላል። ስለዚህ ፈተና የሚደረገው ከኮሚቴ ውጭ ባለ ሰው ስልክ፣ ወይም በግል መስኮት ነው።

## ማስተካከል ሲዘጋ የመጣ ቅሬታ

ረቡዕ ለት አንድ አባል ደወለ። ራሱ 100 ብሎ ከጻፉት ሁለት ሰዎች አንዱ ነው። «የታኅሣሥን በባንክ አስገብቻለሁ፤ ጽፌው ነበር፣ አጠፋችሁብኝ» አለ። ትክክል ነበር። በባንክ ልኮ ማስረጃውን ለገንዘብ ያዡ ሳያሳይ ቀርቷል። የጻፈው እውነት ነው፣ ቦታው ብቻ ነው የተሳሳተው። ማስረጃውን በቴሌግራም ለፀሐፊዋ በውስጥ ላከ፣ ደረሰኝ ተቆረጠለት፣ ሐሙስ ለት ድምሩ 55,400 ሆነ። ሰኞ የታየው ቁጥር ነው፤ ይኸኛው ግን እያንዳንዱ ብር ደረሰኝ አለው።

ከዚህ የገባኝ ሰው መዝገብ የሚነካው ሌላ መናገሪያ ሲያጣ ነው። ስለዚህ ሊንኩ በተላከበት መልእክት ላይ «ስህተት ያየ ለፀሐፊዋ በውስጥ ይጻፍ» የሚል መስመር ተጨመረ። ከመካከላችን አንዱ ሊንኩን Commenter እናድርገው፣ ሰው እዚያው አስተያየት ይጻፍ ብሎ ነበር። አልተስማማሁም። የአንድ ሰው ውዝፍ ላይ 148 ሰው የሚያየው አስተያየት ሲጻፍ ጸብ ይወልዳል። ስም ሳይገለጽም ሊጻፍ ይችላል።

## ማየት ብቻ የማይከለክለው

Viewer ማድረግ መዝገቡን ከመበላሸት ያድናል። የሚታየውን ግን አይሸፍንም። የ148 ሰው ስልክ አሁንም ሊንኩ ለደረሰው ሁሉ ይታያል። ፀሐፊዋ የስልኩን ዓምድ ልትደብቀው አሰበች። አይሠራም። የሚያይ ሰው ፋይሉን ለራሱ ኮፒ ማድረግ ከቻለ በራሱ ቅጂ ላይ የተደበቀውን ዓምድ መግለጥ ይችላል። ማውረድ፣ ማተምና ኮፒ ማድረግ ከጥርስ ጎማው ውስጥ ይዘጋል፤ ሆኖም ስክሪን ፎቶ ማንሳት የሚከለክል የለም።

መፍትሔው ሁለት ፋይል ማድረግ ነበር። የመጀመሪያው፣ ስልክ ያለበት፣ ለኮሚቴ ብቻ Restricted ሆነ። ሁለተኛ ባዶ ፋይል ከፎልደሩ ውጭ ተከፍቶ ስምና ክፍያ ብቻ ከመጀመሪያው እንዲስብ ተደረገ። A1 ላይ የተጻፈው ይህ ነው፦

```
=IMPORTRANGE("የመጀመሪያው ፋይል ሊንክ", "Sheet1!A:B")
```

C1 ላይ ደግሞ፦

```
=IMPORTRANGE("የመጀመሪያው ፋይል ሊንክ", "Sheet1!D:P")
```

C የተባለው የስልክ ዓምድ በመካከል ተዘለለ። መጀመሪያ ሲጻፍ ፋይሉ ፈቃድ ይጠይቃል፤ Allow access ሲባል ይሞላል። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ያዡ ዋናው ላይ ሲያስገቡ ሁለተኛው ራሱ ይታደሳል። ለግሩፑ የሚሄደው የሁለተኛው ሊንክ ነው፣ እሱም Viewer ሆኖ። ይህ ሁለተኛ ፋይል ማስተካከል ለሚችል ሰው ቢከፈት ግን ቀመሩን ለውጦ የስልኩን ዓምድ ሊስብ ይችላል። ስለዚህ እዚህ ላይ Viewer መሆኑ በእጥፍ ያስፈልጋል።

የድሮው ሊንክ አሁን ሲነካ ፈቃድ ጠይቅ ይላል። መጀመሪያ ሳምንት ከሃያ በላይ የፈቃድ ጥያቄ ለፀሐፊዋ ኢሜይል መጣ። አንዱንም ሳትፈቅድ አዲሱን ሊንክ ግሩፑ ላይ ከላይ ፒን አደረገችው፣ ጥያቄው ቀነሰ።

## ሌላ ቡድን ከዚህ የሚወስደው

የዕቁብ ዝርዝር፣ የክፍል ተማሪዎች ውጤት፣ የሠርግ መዋጮ፣ የሱቅ ዕዳ መዝገብ የምትልኩ ሰዎች ተመሳሳይ ቦታ ላይ ናችሁ። ሊንክ ኮፒ ከማድረጋችሁ በፊት Share ከፍታችሁ General access የሚለውን አንብቡ። Copy link የሚለው ቁልፍ ፈቃዱን አይነግራችሁም፤ ያለውን እንዳለ ይገለብጣል። ፋይሉ ፎልደር ውስጥ ከሆነ ፎልደሩንም እዩ፣ በተለይ ከዚህ በፊት «አልከፈት አለኝ» ላለ ሰው ብላችሁ ያላላችሁት ካለ።

ከዚያ የግል መስኮት ውስጥ ለጥፋችሁ አንድ ፊደል ለመጻፍ ሞክሩ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ከሁሉም በላይ የምተማመነው በዚህ ነው፤ ቅንብሩ ምን እንደሚል ሳይሆን ሌላው ሰው ምን እንደሚችል ያሳያልና።

ቀድሞ የተላከ ከሆነም አልረፈደም። መጀመሪያ ፈቃዱን ዝጉ፣ ቀጥሎ የተበላሸውን ኮፒ አስቀምጡ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሱ። የሚመለሰው ሰዓት የሚታወቀው ከVersion history ነው፤ እሱን የሚያይ ደግሞ ማስተካከል የሚችል ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ከባለቤቱ ሌላ አንድ የሚታመን ሰው በኢሜይሉ Editor ይሁን። 

## አሁን ያለበት ሁኔታ

በየካቲት መጀመሪያ ፀሐፊዋ ከመላኳ በፊት Version history ውስጥ ገብታ የዕለቱን ቅጂ «የካቲት፣ ከመላኩ በፊት» ብላ ስም ሰጠችው። ከተበላሸ የሚመለሱበትን ቦታ መፈለግ አያስፈልጋትም። ስማርት ስልክ ለሌላቸው አባላት ደግሞ ገጹ ታትሞ ድንኳንና ወንበሩ የሚቀመጥበት ቤት በር ላይ ይለጠፋል።

ያልተፈታ አንድ ነገር ቀርቷል። እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ መዝገቡ ለሁለት ፋይል እስኪከፈል ድረስ የአባላቱ ስልክ ቁጥር ተከፍቶ ነበር። በዚያ መካከል ማን ኮፒ እንዳደረገ የሚነግረን የለም። ፀሐፊዋ ይህን ራሷ በሚቀጥለው ስብሰባ ቆማ ለአባላቱ ነገረች። ከማያውቁት ቁጥር «ከቅሬው ነው፣ መዋጮ ላኩ» የሚል ጥሪ ከመጣ ገንዘብ እንዳይልኩ፣ በቀጥታ ለገንዘብ ያዡ እንዲደውሉ ተነገራቸው።